ወደ ጎን አንብቡት፦ ስም መጥሪያ ለያዙ የክፍል ኃላፊ መምህራን ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ የሚመለከተው በመንግሥት የመጀመሪያና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የክፍል ኃላፊነት የተሰጣቸውን መምህራን ነው፤ ከእነሱም ጋር ዩኒት መሪዎችንና ምክትል ርዕሳነ መምህራንን። ስም መጥሪያው በየቀኑ ይሞላል፤ ወር ሲያልቅ ይደመራል፤ የክፍሉ የመገኘት መጠን ይህን ያህል በመቶ ነው ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። ከዚያ በኋላ የሚከፍተው ሰው ብዙም የለም። ትምህርት የሚያቋርጥ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ተነሥቶ አያቋርጥም። አስቀድሞ አንዳንድ ቀን መቅረት ይጀምራል፤ ከዚያ ቀኑ ይበዛል፤ ይህም ሁሉ እዚያው መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ ስም መጥሪያው በትክክል እንዲሞላና ከተሞላ በኋላ በጊዜው እንዲነበብ የሚረዳ ነው።

ስም ራሳችሁ ጥሩ፤ ለክፍል አለቃ አትተዉ። አለቃውም ልጅ ነው። ጓደኛውን ቀሪ ብሎ መጻፍ ይከብደዋል፤ የተጣላውን መጻፍ ደግሞ ይቀለዋል። ስትጠሩም "አቤት" የሚለውን ድምፅ ብቻ ሰምታችሁ አትለፉ፤ ቀና ብላችሁ ፊቱን እዩ። 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ለጓደኛው "አቤት" የሚልለት አይጠፋም። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የተጠራውን ስም ከረፍት መልስ አንድ ጊዜ ድገሙት። ሁለተኛው ጥሪ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ነገር ግን ጠዋት ተጠርቶ በረፍት አጥር ዘሎ የሚሄደውን ልጅ የሚያሳያችሁ እሱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በሚጠራበት ትምህርት ቤት ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ "ተገኝቷል" ተብሎ ይጻፍና ሰኔ ላይ ሲወድቅ ሁሉም ይገረማል።

ምልክቱ በትምህርት ቤቱ ሁሉ አንድ ይሁን። አራት ይበቃል፦ ለተገኘ ራይት፣ ሳያስፈቅድ ለቀረ "ቀ"፣ አስፈቅዶ ወይም ታሞ ለቀረ "ፈ"፣ ላረፈደ "አ"። ካረፈደው ልጅ "አ" አጠገብ የደረሰበትን ክፍለ ጊዜ በቁጥር ጻፉ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የደረሰ "አ2" ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የሚስቱት አንድ ነገር አለ። "ፈ" የተጻፈበት ቀን ከቀሪ አይቆጠርም ብለው ይተዉታል። ለሥነ ሥርዓት ጉዳይ ከሆነ እውነት ነው፤ ያስፈቀደ ልጅ አይቀጣም። የሚያሰጋውን ልጅ ለመለየት ስትደምሩ ግን "ቀ"ንም "ፈ"ንም አብራችሁ ቁጠሩ። በየሁለት ሳምንቱ የሚታመም ልጅ ከሁሉ በላይ ሊታይ የሚገባው ልጅ ነው፤ ፈቃድ ስላለው ብቻ ከዓይናችሁ መሠወር የለበትም።

ባዶ ሣጥን አትተዉ፤ የወር መጨረሻም ቁጭ ብላችሁ አትሙሉ። በአንድ ቀን የተሞላ የአንድ ወር መዝገብ ለሚያውቅ ሰው ያስታውቃል። ቀለሙ አንድ ነው፤ የእጁ ጽሑፍ ዘንበል ያለው ከላይ እስከ ታች በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ደግሞም በጥምቀት ማግስት ማንም ያልቀረበት ክፍል ይሆናል። ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት ቀላል ማመሳከሪያ አለ። የዚያን ቀን የተመገቡትን ልጆች ቁጥር ከስም ጥሪው ቁጥር ጋር አስተያዩት። ስም ጥሪው 52 ተገኝተዋል ካለና የተመገቡት 43 ከሆኑ፣ ዘጠኙ የት እንዳሉ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት ድጎማ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ በመሆኑ ቀሪ መጻፍ የተማሪውን ቁጥር የሚቀንስ የሚመስለው መምህር አለ። የተመዘገበ ልጅ ዛሬ ቀረ ማለት ከመዝገብ ወጣ ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ለይታችሁ አስረዱ።

የቀኑን ድምር ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ የልጁን መስመር ወደ ጎን አንብቡ። የዚህ ማሳሰቢያ ዋናው ነገር ይህ ስለሆነ አንድ ክፍል ይዘን በዝግታ እንየው።

50 ተማሪ ያለበት አራተኛ ክፍል እንውሰድ። በኅዳር 20 ቀን ትምህርት ተሰጥቷል። 50 ልጅ በ20 ቀን ሲባዛ 1,000 ይሆናል፤ ሁሉም ሁልጊዜ ቢገኙ ኖሮ 1,000 ራይት ነበር። ቀሪዎቹ ሲደመሩ 60 ሆኑ። ስለዚህ የክፍሉ የመገኘት መጠን 94 በመቶ ነው፤ ሪፖርቱን የሚያይ ሁሉ "ጥሩ ክፍል ነው" ብሎ ያልፋል። አሁን እነዚያን 60 ቀሪዎች በየልጁ መስመር እንከፋፍላቸው። 28 ልጆች አንድም ቀን አልቀሩም። 12 ልጆች አንዳንድ ቀን ቀርተዋል፤ ይህ የጉንፋን ወይም የለቅሶ ጉዳይ ነው፤ አያስጨንቅም። የቀሩት 48 ቀኖች የ10 ልጆች ናቸው። አራቱ ሦስት ሦስት ቀን፣ ሦስቱ አራት አራት ቀን፣ ሦስቱ ደግሞ ስምንት ስምንት ቀን ቀርተዋል።

ስለዚህ 94 በመቶ በሚባለው ክፍል ውስጥ ከአምስት ልጅ አንዱ ከወሩ ትምህርት ከአንድ አሥረኛ በላይ አምልጦታል። ሦስቱ ደግሞ የወሩን ትምህርት ግማሽ ሊያጡ ጥቂት ነው የቀራቸው። የቀኑን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ብትደምሩ በአማካይ በየቀኑ ሦስት ልጅ ብቻ ቀርቶ ታገኛላችሁ፤ የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ እነዚያው አሥር ልጆች መሆናቸውን ዓምዱ አይነግራችሁም። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮበርት ባልፋንዝና ቮን ባይርንስ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ይህንኑ ነው ያመለከቱት፦ አማካይ የመገኘት መጠኑ 90 በመቶ የሆነ ትምህርት ቤት 40 በመቶ ተማሪዎቹ ከአሥር ቀን አንዱን የሚቀሩ ሊሆኑ ይችላሉ። በአሜሪካም በእንግሊዝም አሥር በመቶ የቀረ ልጅ ክትትል እንደሚያስፈልገው ተደርጎ ይቆጠራል።

እኛም ይህንኑ ልክ ብንይዝ ለመምህሩ ቀላል ነው። ከ20 የትምህርት ቀን ሁለት የቀረን ልጅ በእርሳስ ነጥብ አድርጉበትና አናግሩት። አራትና ከዚያ በላይ የቀረ ልጅ ከሆነ ወላጁን ወይም አሳዳጊውን በዚያው ሳምንት አግኙ። ከዚህ ሌላ ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረ ልጅ ወር እስኪሞላ አይጠበቅም፤ በሦስተኛው ቀን ስልክ ይደወል። ስልክ ከሌለ በዚያ ሰፈር የሚኖር ተማሪ ወይም የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ይላክ።

ስታሰሉ ደግሞ ልጁ የተመዘገበበትን ቀን እዩ። ጥቅምት 20 የመጣ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ ቀሪ ሊባል አይገባም፤ የሚካፈለው እሱ ከመጣ በኋላ ትምህርት ለተሰጠባቸው ቀኖች ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ለስብሰባ ወይም ለበዓል የተዘጋበት ቀንም ከቁጥሩ ይወጣል።

መቁጠር የሚጀመረው መቼ ነው? በባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት የትምህርት ዓመቱ የመጀመሪያ ወር የቀሪውን ዓመት ሁኔታ አስቀድሞ እንደሚያሳይ አመልክቷል። በመጀመሪያው ወር ከሁለት እስከ አራት ቀን ከቀሩት ልጆች ግማሾቹ በዓመቱ ውስጥ የአንድ ወር ትምህርት ወይም ከዚያ በላይ አምልጧቸዋል። እኛ ዘንድ ግን መስከረምን እንዳለ መውሰድ ያሳስታል። ምዝገባው ይጎተታል፤ ክፍል ድልድል ይቀያየራል፤ ገና ከመስቀል በኋላ የሚመጣ ልጅ ብዙ ነው። በመስከረም ቀሪ ሁሉ ላይ ምልክት ብታደርጉ ግማሹ ክፍል ምልክት ይኖረዋል፤ የሁሉም ስም ያለበት ዝርዝር ደግሞ ማንንም አይለይም። የእኔ ምክር ጥቅምትን የመጀመሪያ ወር አድርጋችሁ እንድትይዙት ነው። በጥቅምት ሁለት ሦስት ቀን የቀረው ልጅ አዝመራው በሚሰበሰብበት በኅዳርና በታኅሣሥ ይበልጥ ሊቀር ይችላልና ከዚያ በፊት ድረሱለት።

ስንት ቀን እንደቀረ ብቻ ሳይሆን የትኞቹን ቀኖች እንደቀረ እዩ። ወደዚያው አራተኛ ክፍል እንመለስ። አራት ቀን ከቀሩት ሦስት ልጆች አንዷ የቀረችው በአራቱም ሐሙስ ነው። ሐሙስ የከተማው የገበያ ቀን ነው። እናት ሽንኩርትና በርበሬ ይዛ ገበያ ስትወጣ ሕፃኑን የሚይዝ ሰው የለም፤ ልጅቷ ቤት ትቀራለች። ይህች ልጅ ሰነፍም አይደለችም፤ ትምህርት የጠላችም አይደለችም። ነገር ግን ሒሳብ ሐሙስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ከተመደበለት፣ አዲሱ ምዕራፍ ሁልጊዜ እሷ በሌለችበት ይጀመራል። ዓርብ ስትመጣ የቤት ሥራው አይገባትም፤ ትንሽ ቆይታ ዓርብንም መቅረት ትጀምራለች። የሐሙሱ መቅረት ወደ ሐሙስና ዓርብ የተስፋፋበትን ሳምንት መዝገቡ ላይ ካያችሁ፣ ችግሩ ከቤት ወደ ክፍል መግባቱን ያሳያችኋል።

ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት ይህ ምልክት ሊሠወር ይችላል። ፈረቃው በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ይህችው ልጅ የምትቀረው ጠዋት በምትማርበት ሳምንት ሐሙስ ብቻ ነው፤ ከሰዓት በምትማርበት ሳምንት እናቷ ከገበያ ተመልሳ ልትደርስላት ትችላለች። በወር ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ ድንገተኛ ይመስላል። ስለዚህ በመዝገቡ ራስጌ ላይ ሳምንቱ የጠዋት ወይም የከሰዓት መሆኑን ጻፉ። መፍትሔውም እዚያው ፈረቃው ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሰባተኛ ክፍል የሚማር ወንድም ካላትና ሁለቱም በአንድ ፈረቃ ከተመደቡ፣ አንዳቸውን ወደ ተቃራኒው ፈረቃ ማዛወር ሕፃኑን በተራ እንዲይዙ ያደርጋል። ይህ የምክትል ርዕሰ መምህር አንድ ፊርማ ነው። የወንድሙን ስም መጥሪያም ማየት ይገባል። እኅት ስትቀር ወንድም የማይቀር ከሆነ፣ ከወላጅ ጋር የሚደረገው ወሬ እሱም ተራውን እንዲይዝ የሚጠይቅ ይሆናል።

ሌሎችንም ምልክቶች ባጭሩ ልጥቀስ። ጠዋት ኖሮ ከረፍት መልስ የሚጠፋ ልጅ ብዙ ጊዜ የተራበ ነው፤ ወይም የሚሸሸው አንድ የተለየ ክፍለ ጊዜ አለ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የጠፋበትን ቀን ከክፍለ ጊዜ ድልድሉ ጋር አስተያዩት። ከአምስተኛ ክፍል በላይ ያለች ልጅ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን በተከታታይ የምትቀር ከሆነ የወር አበባ ሊሆን ይችላል። ይህ በአንድ ወር ገጽ አይታይም፤ ሦስት ወሩን ጎን ለጎን ማየት ይጠይቃል። ይህን የሚጠይቃት ሴት መምህር ትሁን፤ ለብቻዋ ትጠይቃት፤ ትምህርት ቤቱ ውኃና የሚቆለፍ መጸዳጃ እንዳለው አስቀድማ ታረጋግጥ። የሰሊጥ ወይም የቡና ሥራ ባለበት አካባቢ ደግሞ ትልልቆቹ ወንዶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተያይዘው ይጠፋሉ፤ አንዱን ካገኛችሁ ሌሎቹ የት እንዳሉ ያውቃል።

አንዱን ግን በችኮላ ላልፈው አልችልም። በጥርና በየካቲት፣ ሠርግ በሚበዛበት ጊዜ፣ ስድስተኛ ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጅ ያለምንም ምክንያት ድንገት መቅረት ብትጀምር ወይም ጓደኞቿ ሲጠየቁ ዝም ቢሉ፣ እስከ ወር መጨረሻ አትጠብቁ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ የወንጀል ሕጉም ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ አሳውቁ፤ ለወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ይነገር። ብቻችሁን ወደ ቤተሰቡ ሄዳችሁ "ልትድሯት ነው ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቀኑን ሊያስቀድሙት ወይም ልጅቷን ወደ ሌላ ቀበሌ ሊያሻግሯት ይችላሉ።

"ወላጅ አምጣ" ብላችሁ ልጁን ከክፍል አታስወጡ። ይህ በአገራችን የተለመደ ስለሆነ ጠንከር አድርጌ እናገራለሁ። ሁለት ቀን የቀረ ልጅ ይመጣል፤ "ወላጅህን ካላመጣህ አትገባም" ይባላል። አባቱ ግንባታ ላይ ነው፤ ቀን ከቀረ የዕለት ገቢው ይቀራል። እናቱ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ማስፈቀድ አትችልም። ልጁ ይህን ስለሚያውቅ ቤት ሄዶ አይናገርም፤ ዩኒፎርሙን ለብሶ ይወጣል፣ ደብተሩን ይዞ መንገድ ለመንገድ ውሎ ይመለሳል። ሁለቱ ቀን ሰባት ይሆናል። ከሰባቱ አምስቱን ያስቀረው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን ሁሉም የልጁ "ቀ" ሆኖ ይቀመጣል። ወላጅ ይጠራ፤ መጠራቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ወላጁ እስኪመጣ ልጁ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚመጡበትም ሰዓት እነሱ የሚችሉት ይሁን፤ ጠዋት ሥራ ከመግባታቸው በፊት አሥር ደቂቃ ይበቃል።

በር መዝጋትም እንደዚሁ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ የደረሰን ልጅ ከበር መመለስ ያረፈደውን ልጅ ቀሪ ማድረግ ነው። "አ2" ተጽፎ ሊገባ የሚችል ልጅ ለምን "ቀ" ይጻፍበት? ዘበኛው የመለሳቸውን ልጆች ስም አንድ ሳምንት እንዲይዝ ብታደርጉና ከስም መጥሪያው ጋር ብታስተያዩት፣ ከቀሪዎቹ ስንቶቹ በር ድረስ መጥተው እንደነበር ታያላችሁ።

ከወላጅ ጋር ስትነጋገሩ በቁጥር ጀምሩ፤ በወቀሳ አትጀምሩ። "ልጅሽ አትማርም" ከምትሏት እናት የምታገኙት ዝምታ ወይም እንባ ነው። "እትዬ፣ በኅዳር ሐሙስ ሐሙስ አራት ቀን ቀርታብናለች፤ ሐሙስ ምን አለ ቤት ውስጥ?" ብትሉ ግን መልሱ ይመጣል። ብዙ ወላጅ ልጁ ስንት ቀን እንደቀረ ሲነገረው ይደነግጣል፤ በወር አንድ ሁለት ቀን ይመስለው ነበርና። መዝገቡን አሳዩ፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅም ነጥቦቹን አብራችሁ ቁጠሩ። ከዚያ የተስማማችሁበትን አንድ ነገር ብቻ ጻፉ፤ ቀኑንም ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የልጁን መስመር እንደገና እዩ። ካልተሻሻለ ሌላ ነገር ይሞከር፤ ያንኑ ምክር ደግሞ መስጠት ጊዜ ማባከን ነው።

የቀሪዎችን ስም አትለጥፉ፤ በሰልፍ ላይም አትጥሩ። በመቅረቱ በሰልፍ ፊት የቆመ ልጅ በሚቀጥለው ሰኞ የሚያስበው ቀደም ብሎ ስለ መምጣት አይደለም፤ ከሰልፉ ስለ መሸሽ ነው። የተለዩት ልጆች ዝርዝር በክፍል ኃላፊው፣ በዩኒት መሪውና በምክትሉ እጅ ብቻ ይቆይ። በክፍሉ አማካይ ላይ ሽልማት መስጠትም ተመሳሳይ ጉዳት አለው፤ የክፍል አለቃውንም መምህሩንም ቀሪውን እንዲደብቁ ይገፋፋል።

ስም ከመዝገብ ለመሰረዝ አትቸኩሉ። "ቤተሰቡ አገር ለቋል አሉ" የሚል ወሬ መሸኛ አይደለም። ልጁ ሌላ ትምህርት ቤት መግባቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ቀሪ እየተባለ ይጻፍ፤ ከጎኑም ማን ምን እንደተናገረ በአጭሩ ይመዝገብ። የተረጋገጠ ዕለት "በመሸኛ ተዛውሯል" ተብሎ ይዘጋል። ያለ ማስረጃ የተሰረዘ ስም የመገኘት መጠኑን ከፍ ያደርገዋል፤ የጠፋውን ልጅ ደግሞ የሚፈልገው ሰው እንዳይኖር ያደርጋል።

ኮምፒዩተር ያለው ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ በኤክሴል ማስላት ይችላል። የልጁ 20 ቀኖች ከC እስከ V ባሉት ዓምዶች ከተሞሉና ልጁ በአምስተኛው መስመር ላይ ከሆነ፣ የቀረበትን መጠን የሚያወጣው ቀመር ይህ ነው፦

```
=(COUNTIF(C5:V5,"ቀ")+COUNTIF(C5:V5,"ፈ"))/COUNTA(C5:V5)
```

ውጤቱ 0.1 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ክትትል ያስፈልገዋል። ቀመሩ ባዶ ሣጥንን አይቆጥርም፤ ይህ ዘግይቶ ለተመዘገበ ልጅ ይጠቅማል። ነገር ግን መምህሩ ሳይሞላ የዘለለው ቀንም አብሮ ይጠፋልና፣ የተገኘው ልጅ ሣጥን ሁልጊዜ ራይት ይግባበት። ወረቀት ብቻ ላላቸው ደግሞ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ እርሳስና ማስመሪያ ይበቃል፤ ማስመሪያውን በእያንዳንዱ ልጅ ስም ሥር እያሳረፋችሁ ወደ ጎን ማንበብ ነው።

በሰኔ መዝገቡን መጋዘን ከማስገባታችሁ በፊት ለሚቀጥለው ዓመት የክፍል ኃላፊ አንድ ገጽ ጻፉ። በዓመቱ ውስጥ ምልክት የተደረገባቸውን ልጆች ስም፣ በየትኛው ወርና በየትኛው ቀን ይቀሩ እንደነበር፣ ምን እንደተሞከረና የትኛው እንደሠራ አስፍሩ። የሐሙሷ ልጅ ፈረቃ ተቀይሮላት ከሆነ ይጻፍ፤ አለበለዚያ በመስከረም በሚወጣው አዲስ ድልድል ከወንድሟ ጋር እንደገና በአንድ ፈረቃ ትመደባለች።